በደሴ ለአንድ ቀን ጉባኤ በጀት እንዴት ይሠራል?

አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ተሳታፊ እያስከፈላችሁ የማኅበረሰብ ጉባኤ ልታዘጋጁ ነው እንበል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው ከከፈለ ጉባኤው ራሱን እንደሚችል እወቁ። ለማስላት አንድ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። ሰው መጣም ቀረም የሚከፈለው አንዱ ነው፤ አዳራሽ፣ የድምፅ መሣሪያ፣ ባነር፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ተናጋሪዎች ትራንስፖርትና አልጋ። ለምሳሌ 60,000 ብር ይሁን። ሌላው በሰው ቁጥር የሚጨምረው ነው፤ ምሳ፣ ሻይ ቡና፣ ደብተርና እስክሪብቶ።

ሆቴሉ «በሰው 600 ብር» ሲላችሁ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ካልገባበት 10 በመቶ ሰርቪስ፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 759 ብር ይሆናል። የመጨረሻው ዋጋ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። ለደብተርና እስክሪብቶ 41 ብር ስንጨምር ለአንድ ሰው 800 ብር ወጣ።

የምዝገባ ክፍያው 1,500 ብር ከሆነ ከአንድ ከፋይ 700 ብር ይተርፋል። 60,000ን ለ700 ስናካፍል 86 ሰው ይመጣል። ብዙ አዘጋጅ እዚህ ላይ ያቆማል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው።

የሚበላው ሁሉ አይከፍልም። ተናጋሪዎች፣ አስተባባሪዎች፣ የክብር እንግዶች አሉ። 20 ቢሆኑ 16,000 ብር ነው፤ የሚሸፍኑትም ከፋዮቹ ናቸው። ስለዚህ 76,000ን ለ700 አካፍሉ፤ 109 ሰው። ቀድመው ለሚመዘገቡ 40 ሰዎች 300 ብር ከቀነሳችሁ ደግሞ ሌላ 12,000 ብር ይጎድላል፤ ቁጥሩ 126 ይደርሳል። አዳራሹ 140 ሰው ብቻ የሚይዝ ከሆነ 126 ከፋይና 20 እንግዳ አይገቡበትም። በዚህ ዋጋ ጉባኤው ሞልቶም ይከስራል ማለት ነው። እኔ ብሆን ቅናሹን ለ15 ሰው ብቻ አደርገዋለሁ፤ ያኔ 115 ከፋይ ይበቃል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ወሎ ውስጥ ሥጋ ካቀረባችሁ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ማሰናዳት ግድ ነው፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። የጾም በያይነቱ ሁሉንም በአንድ ማዕድ ያስተናግዳል፣ ዋጋውም ይቀላል። ዓርብ ከሆነ የምሳ ሰዓቱን ለጁምዓ ሶላት አርዝሙት። ረመዳን ላይ ቀኑን ቀይሩ።

ለሆቴሉ የምትሰጡት የተመጋቢ ቁጥር ላይ ጠንቀቅ በሉ። 135 ብላችሁ 110 ቢመጣም የምትከፍሉት የ135 ነው። «እመጣለሁ» ያለውን ሳይሆን ብሩን ያስገባውን ቁጠሩ፣ እንግዶቹን ጨምሩ። ሆቴሉ በዕለቱ ስንት ሰው ድረስ መጨመር እንደሚችል ውሉ ላይ ይስፈር።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ባንክ የገባውን ከ115 ጋር አስተያዩ። በጣም ከጎደለ አነስተኛ አዳራሽ ፈልጉ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ተናጋሪዎች ቀንሱ። ምሳው ላይ መቆጠብ ብዙም አያድናችሁም፤ ጉድለቱን የሚያመጣው ያ 60,000 ነው።