ኮሚሽን ሲቆረጥ የዋሌት ስቴትመንትን ከካሽ ቡክ ጋር እንዴት እናስታርቃለን?

የወር መጨረሻ ነው። የአንዲት ኮስሞቲክስ ሱቅ ባለቤት ስልኳንና መዝገቧን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። በካሽ ቡኳ መሠረት የሱቁ ዋሌት ውስጥ 15,815.50 ብር መኖር ነበረበት። ስቴትመንቱ ግን 15,441 ብር ይላል። የጎደለው 374.50 ብር ነው።

«ኮሚሽን ነዋ! በኮሚሽን ወጪ መዝግበውና እንዝጋው» አለችኝ።

አባባሏ ያሳምናል። በዋሌት የሚሸጥ ሰው ኮሚሽን ይቆረጥበታል፣ ጉድለቱም ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ስንፈትሸው ግን የወሩ ኮሚሽን 759 ብር ሆኖ ተገኘ። ከስሩ ያልተመዘገበ 1,200 ብር ገቢ ነበር። «ገብቷል» ተብሎ የተጻፈ፣ ግን ዋሌቱን ያልረገጠ 850 ብርም ነበር። በ34.50 ብር ተቀንሶ የተጻፈ ሽያጭም ነበር። እርስ በርስ ተጣፍተው ነው 374.50 ብር የመሰሉት። የዚያን ወር ሥራ እንደ ምሳሌ ወስደን ደረጃ በደረጃ እንሂድበት። ለስሌት እንዲቀለን የሽያጭ ኮሚሽኑ 1 በመቶ፣ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ነው እንበል። የእናንተን መጠን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ከገባችሁት ውል ላይ እዩ።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ

ካሽ ቡካችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ስቴትመንቱን ስታወጡ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ለጥቅምት ወር ኦክቶበርን አውርዶ ግማሽ ቀን ይታገላል። ጥቅምት 2018 ማለት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9፣ 2025 ነው። ስቴትመንቱን በእነዚህ ቀናት አውጡት።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ስቴትመንት ላይ 19:40 የሚለው በእኛ ምሽት 1:40 ነው። ካፌ ወይም ምግብ ቤት ካላችሁና አምሽታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሌሊቱ 6:20 የተከፈለ ሂሳብ ስቴትመንቱ ላይ 00:20 ተብሎ በማግስቱ ቀን ይወጣል። ገንዘብ ያዧ ግን በዚያው ምሽት ሥራ ውስጥ ጽፋዋለች። በወሩ የመጨረሻ ቀን ይህ ከተፈጠረ ሂሳቡ በሁለት ወር ተከፍሎ ያርፋል። ስህተት አይደለም፣ የሚቀጥለው ወር ላይ መታየቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀጥሎ የመነሻ ሂሳቡን አገናኙ። በእኛ ምሳሌ ጥቅምት 1 ሲነጋ ስቴትመንቱም ካሽ ቡኩም 4,200 ብር ይሉ ነበር። እነዚህ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የዚህን ወር ፍለጋ አቁሙና ወደ መስከረም ተመለሱ።

ኮሚሽኑ የት እንደተደበቀ እወቁ

ስቴትመንት ሁሉ ኮሚሽንን በአንድ መልክ አያሳይም። አንዳንዱ ከገንዘቡ ጎን በራሱ ዓምድ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ከሥር ሌላ መስመር ያወጣለታል። አንዳንዱ ደግሞ ቆርጦ የተረፈውን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ግብይት ይበቃል። ዋጋውን የምታውቁትን አንድ ሽያጭ ፈልጉና ከእሱ በፊትና በኋላ የነበረውን ቀሪ ሂሳብ አስተያዩ።

በሱቋ ስቴትመንት ላይ የ3,000 ብር ሽያጭ አገኘን። ከእሱ በፊት ቀሪው 8,410 ብር ነበር፣ ከእሱ በኋላ 11,375.50 ሆነ። የጨመረው 2,965.50 ነው። ስለዚህ 34.50 ብር እዚያው ተቆርጧል፦ 30 ብር ኮሚሽን፣ 4.50 ብር ቫት።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ካሽ ቡኩ ላይ የሚጻፈው 3,000 ነው ወይስ 2,965.50? እኔ ሁሌም ሙሉውን ጻፉ ነው የምለው። ደንበኛው የከፈለው 3,000 ነው፣ ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ የወጣው ደረሰኝም 3,000 ይላል። ሽያጭን ከኮሚሽን በኋላ ባለው ቁጥር ከመዘገባችሁ የሽያጭ ድምራችሁ ከደረሰኞቹ ያነሰ ይሆናል። ግብር የሚመረምር ሰው ደግሞ የሚያየው ደረሰኙን ነው። ኮሚሽኑ በራሱ መስመር እንደ ወጪ ይገባል።

ችግሩ ይህች ሱቅ ሁለት ሻጮች አሏት። አንዷ ከደረሰኙ ትጽፋለች። ሌላኛዋ አንዳንዴ ከስልኩ መልእክት ላይ ከኮሚሽን የተረፈውን እያየች ትጽፋለች። እናም ያቺ የ3,000 ብር ሽያጭ ካሽ ቡኩ ላይ 2,965.50 ተብላ ተገኘች። በወሩ መጨረሻ የኮሚሽኑን ድምር በወጪ ስንመዘግብ ያቺ 34.50 ብር ሁለት ጊዜ ልትቀነስ ነበር።

አንድ በአንድ አዛምዱ

ድምርን ከድምር ጋር ማስተያየት የትም አያደርስም። የሚያዛምደው የግብይት ቁጥሩ ነው። ካሽ ቡካችሁ ላይ ቁጥሩን የመጻፍ ልማድ ከሌላችሁ ከዛሬ ጀምሩ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ፊደልና ቁጥሮች ቢሆኑም ይበቃሉ። በእጅ ስትጽፉ ዜሮና የእንግሊዝኛዋ ኦ እንዳይምታቱ ዜሮን ሰረዝ አድርጉባት።

በወረቀት የምትሠሩ ከሆነ ማስመሪያና እስክርቢቶ ይበቃል። በሁለቱም በኩል የተገናኘውን ምልክት እያደረጋችሁ ውረዱ። በኤክሴል ከሆነ ስቴትመንቱን በአንድ ገጽ፣ ካሽ ቡኩን Book በሚባል ሌላ ገጽ አድርጉ። የግብይት ቁጥሩ በሁለቱም ገጽ በአንድ መልክ፣ ወይ ሙሉው ወይ የመጨረሻዎቹ አምስት ብቻ ሆኖ፣ በዓምድ B ከሆነ ስቴትመንቱ ገጽ ላይ ይህን ጻፉና ወደታች ጎትቱት፦

```
=COUNTIF(Book!B:B,B2)
```

1 ካለ መዝገቡ ላይ አለ፣ የብሩ መጠን እኩል መሆኑን ግን በዓይናችሁ አስተያዩ። 0 ካለ ገንዘቡ ገብቶ አልተመዘገበም። 2 ካለ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ከዚያ በተቃራኒው፣ ከካሽ ቡኩ ወደ ስቴትመንቱ ሥሩት። ይህን ሁለተኛውን ዙር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያልገባ ገንዘብ የሚገኘው ግን እዚያ ነው።

በሱቋ መዝገብ ሦስት ነገር ወጣ። የመጀመሪያው ያቺ በተቀነሰ ቁጥር የተጻፈችው ሽያጭ ናት። ሁለተኛው፣ አንዲት ባለዕዳ እሁድ ቀን የላከችው 1,200 ብር ነው። ሱቁ ዝግ ነበር፣ መልእክቱን ያየ አልነበረም። ሦስተኛው ካሽ ቡኩ ላይ ያለ፣ ስቴትመንቱ ላይ ግን የሌለ የ850 ብር ሽያጭ ነው። ሻጯ ስትጠየቅ «ስልኩን አሳየኝ እኮ፣ ተልኳል ይላል» አለች። የደንበኛ ስልክ ስክሪን ደረሰኝ አይደለም። ፎቶው የትናንት ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሌላ ቁጥር የተላከም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ገባ የሚባለው በሱቁ በራሱ ስልክ ላይ ሲታይ ነው።

ኮሚሽኑን ለብቻው ፈትሹት

የተዛመደው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ኮሚሽን የሚታየው። በስቴትመንቱ መሠረት በወሩ የገባው ሙሉ ሽያጭና ክፍያ 62,000 ብር ነው። 1 በመቶው 620፣ ቫቱ 93፣ በጠቅላላው 713 ብር። ስቴትመንቱ የቆረጠውን ስንደምር 713 መጣ። ገጠመ።

ሳንቲም ቢለያይ አትደንግጡ። ኮሚሽን የሚሰላው በየግብይቱ ስለሆነ ሳንቲሙ እዚያው ይጠጋጋል። ኮሚሽኑም ቫቱም በየራሳቸው ቢጠጋጉ በአንድ ግብይት ከ1 ሳንቲም በላይ አይስቱም። 70 ገቢ ቢኖራችሁ ከ70 ሳንቲም አይበልጥም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ታሪፍ የተቆረጠ ግብይት አለ ማለት ነውና የእያንዳንዱን ኮሚሽን ለገንዘቡ አካፍላችሁ ለየት ያለውን ፈልጉ።

ወደ ባንክ ስታዛውሩ የሚቆረጠውን ደግሞ ከሽያጩ ጋር አትደባልቁት፣ የሚሰላበት መንገድ የተለየ ነው። ይህች ሱቅ ሁለት ጊዜ 25,000፣ 25,000 ብር ወደ ባንክ ልካለች። በየአንዳንዱ 20 ብርና 3 ብር ቫት ተቆርጧል፣ በድምሩ 46 ብር። 713 እና 46 ሲደመር 759 ይሆናል።

ማስታረቂያውን ጻፉ

አሁን አንድ ወረቀት ላይ ይስፈር፦

በካሽ ቡክ ያለው ቀሪ፦ 15,815.50
ሲደመር ያልተመዘገበ ክፍያ፦ 1,200.00
ሲደመር በተቀነሰ ቁጥር የተጻፈ ሽያጭ ማስተካከያ፦ 34.50
ሲቀነስ ዋሌት ያልገባ ሽያጭ፦ 850.00
ሲቀነስ የሽያጭ ኮሚሽንና ቫት፦ 713.00
ሲቀነስ የባንክ ማዛወሪያ ክፍያና ቫት፦ 46.00
የተስተካከለ ቀሪ፦ 15,441.00

ስቴትመንቱም 15,441 ነው። እያንዳንዷ መስመር ካሽ ቡኩ ላይ በየራሷ ትመዝገብ። 1,200 ብሩ ሽያጭ አይደለም፣ ዕቃው ያኔ በዱቤ ሲሸጥ ተመዝግቧል። አሁን የሚቀንሰው በባለዕዳዋ ስም ያለው ዕዳ ነው። ቫት የተመዘገባችሁ ከሆናችሁ በኮሚሽኑ ላይ የከፈላችሁትን ቫት ከኮሚሽኑ ለይታችሁ ያዙት። ግን እሱን ለማቀናነስ ከአገልግሎት ሰጪው ትክክለኛ የታክስ ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ የስልክ መልእክት አይበቃም። ያልተመዘገባችሁ ከሆነ 759 ብሩ እንዳለ ወጪ ነው።

850 ብሩን ግን ወጪ ብላችሁ ለመዝጋት አትቸኩሉ። ዕቃው ወጥቷል፣ ደረሰኙም ተቆርጧል፣ ስለዚህ ሽያጩ ሽያጭ ነው። ከዋሌቱ ቀንሳችሁ በደንበኛው ስም በተሰብሳቢ አስቀምጡት። የሱቁ ባለቤት ለደንበኛው ደወለችለት። ሰውዬው የስልኩን ታሪክ ከፍቶ ሲያይ ከቁጥሩ አንዷን አሳስቶ ለሌላ ሰው ልኮት ኖሯል። የግብይት ቁጥሩን ይዞ ወደ አገልግሎት ሰጪው እንዲያመለክት ተነገረው። ተመለሰም አልተመለሰ፣ የሱቁ 850 ብር ዕዳ ያለበት እሱ ነው። ገንዘቡ ሲገባ ከስሙ ላይ ይነሳል።

ስቴትመንቱና የማስታረቂያው ወረቀት አብረው በስቴፕለር ተመትተው በጥቅምት ፋይል ገቡ። የኅዳር ገጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር 15,441 ተብሎ ተጻፈ።