የጊቤን ዳገት ያቃተው ቱርቦ፦ የአየሩን መንገድ በእጅ መከተል

አንድ የጅማ ጎረቤቴ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መኪናው ጊቤን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው ዳገት ላይ ደከመበት። ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ከሞተሩ በኩልም ከወትሮው የተለየ ፉጨት ይሰማል። ሲመለስ የፈተሽነው እንዲህ ነበር።

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን የጭስ ቱቦ በዓይን ይከተሉ። ቱቦው ቀንድ አውጣ የሚመስል ዝገት የለበሰ ከባድ ብረት ውስጥ ይገባል፤ ቱርቦ የሚባለው ይህ ነው። ትኩሱ ጭስ በዚያ ሲያልፍ ውስጥ ያለችውን መንኮራኩር ይገፋል፤ በጭነት ጊዜ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ልትዞር ትችላለች። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው ሁለተኛ መንኮራኩር ከአየር ማጣሪያው የመጣውን ንጹሕ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ትልካለች። አየሩ ሲበዛ ብዙ ናፍጣ በሚገባ ይቃጠላል፤ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጅማ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ይህ እገዛ ይበልጥ ይፈለጋል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ በነጻ የሚገኝ ግን አይደለም፦ ጭሱ መንገዱ ስለሚጠብበት ፒስተኖቹ እሱን ለማስወጣት ትንሽ ይደክማሉ።

ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ፊት፣ ወደ ኢንተርኩለሩ የሚሄደውን ቱቦ ይያዙ። አየር ሲጨመቅ ይግላል። በ25 ዲግሪ የገባ አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን 120 ዲግሪ አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ስለሚሰፋ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው እጥፍ ሳይሆን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ራዲያተር የሚመስለው ኢንተርኩለር፣ በመኪናው ፊት በሚነፍሰው ነፋስ አየሩን ወደ 50 ዲግሪ ቢያወርደው መጠኑ ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። ክንፎቹ በጭቃና በነፍሳት ከተደፈኑ ይህ ትርፍ ይጠፋል፤ ስለዚህ ውኃ በቀስታ ያፍስሱባቸው። ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል።

በመጨረሻ የአየር ቱቦዎቹን የሚያገናኙትን የጎማ ማኒኮቶዎች አንድ በአንድ ይጭመቁ፣ ይጠምዝዙም። ስንጥቅ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ተዘግቶ ይደበቃል፤ የሚከፈተው ግፊት ሲያገኝ ነው። የእኛው ለዓይን በማይታይ የታችኛው ጎን ነበር። ያጋለጠው በዙሪያው የተለጠፈው ዘይት ያዘለ አቧራ ነው፦ ጣቴን ሳሳልፍበት ጠቆረ፤ ጎማውን ሳጥፈው እንደ ከንፈር ተከፈተ። ቱርቦው የጨመቀው አየር በዚያ ስላመለጠ፣ የተረጨው ናፍጣ አየር አጥሮት ጥቁር ጭስ ሆኗል።

ማኒኮቶው ተቀይሮ ዳገቱን ወጣ። ጎረቤቴ አሁን ወልቂጤ ሲደርስ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ያሠራዋል። ድንገት ቢያጠፋው የዘይቱ ዝውውር ይቆምና በጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይጋገራል።