የሮቶውን ሽታ ያጠፋሁበት መንገድ

ደሴ በሚገኘው ቤታችን 1000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ውኃው የጭቃ ሽታ ማምጣት ጀምሮ ነበር፤ ግድግዳውም ሲነካ ያሙለጨልጫል። ደለልና ዝቃጭ ክሎሪኑን ስለሚጨርሱት፣ በረኪና ከመጨመሬ በፊት ውስጡን ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ከውጭ ሆኜ ፈትጌ፣ የታችኛውን አተላ ሁሉ አወጣሁ።

ከዚያም ሩቡን ሞልቼ፣ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና 1 ሊትር ጨመርሁና እስከ አፉ ሞላሁት፤ ይህም በአንድ ሊትር ውኃ 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሆናል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይገባም። ቧንቧዎቹን የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍቼ ዘጋኋቸውና፣ ማንም እንዳይጠጣው አስጠንቅቄ 24 ሰዓት አቆየሁት። በማግስቱ የክሎሪኑ ሽታ ጨርሶ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ቆሻሻ ቀርቷል ማለት ስለሆነ፣ ሥራውን መድገም ያስፈልግ ነበር። በመጨረሻ ውኃውን ከአትክልት አርቄ ደፋሁና፣ ኃይለኛው ሽታ እስኪለቅ ድረስ ሮቶውንም ቧንቧዎቹንም በንጹሕ ውኃ አለቀለቅሁ።