የዩቲዩብ ስትራይክ እንዴት ይቆጠራል? ከማሽኑ እስከ ይግባኙ

ስትራይክ፣ ማለትም ዩቲዩብ ሕጉን ለጣሰ ቪዲዮ ቻናሉ ላይ የሚመዘግበው ቅጣት፣ ሲመጣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው ሪፖርት ያደረገኝ?» ብሎ ነው። እዚህ ጅማም ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ቡና ላይ ሲገናኙ ወሬው ይኸው ነው። ተፎካካሪ አስዘጋብኝ፣ ቀንተውብኝ ነው፣ ተሰባስበው ሪፖርት አደረጉኝ። ሪፖርት የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ግን ከሚወርዱት ቪዲዮዎች አብዛኞቹን መጀመሪያ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ደግሞም ሺህ ሰው ሪፖርት ቢያደርግ ቪዲዮው በሪፖርት ብዛት አይወርድም፤ ሪፖርቱ ቪዲዮውን ወደ ገምጋሚ ይልከዋል፣ ገምጋሚው ደግሞ የሚያየው ሕጉን ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከታተለው። እንበል አንድ የፈረንጅ አራዳ ልጅ ቻናል አለው። የቡና ገበያ፣ ሰርግ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጉብኝት፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ይሠራል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጊቤ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ያያል። ወርዶ በስልኩ ይቀርጻል። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ነው። ደም አለ፣ አስፋልቱ ላይ የወደቀ ሰው ፊቱ ይታያል። ልጁ ምንም አልተናገረበትም፣ ከጀርባ ሙዚቃ ብቻ አስገብቷል። ርዕሱ «ዘግናኝ!! እስከ መጨረሻው እዩት» ነው፤ ታምኔሉ ላይ፣ ማለትም ቪዲዮው ሳይከፈት በሚታየው ምስል ላይ፣ ደግሞ ደሙን በቀይ ክብ ከቦታል።

መጀመሪያ፦ ማሽኑ ምን ያያል?

ቪዲዮው አፕሎድ ሲሆን ማሽኑ ሁለት ዓይነት ፍተሻ ያደርጋል። አንደኛው ከዚህ በፊት ከወረዱ ቪዲዮዎች ጋር ማመሳሰል ነው። ከወረደ ቪዲዮ ዲጂታል አሻራ ይወሰዳል፤ ያንኑ ቪዲዮ ሌላ ሰው መልሶ ቢጭነው ገና ሳይታይ ሊያዝ ይችላል። «አወረዱብኝ፣ በሌላ ስም ልጫነው» የሚለው ብልሃት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ግምት ነው። ማሽኑ ቀድሞ ሰዎች የፈረዱባቸውን ብዙ ቪዲዮዎች አይቶ ተምሯል፣ ስለዚህ አዲሱን ቪዲዮ ከምስሉ፣ ከድምፁና ከጽሑፉ ተነስቶ ይመዝነዋል። ደም፣ የተጎዳ ሰው፣ መሣሪያ የመሳሰለውን ይለያል። ከዚያ ይህ ቪዲዮ ሕግ የመጣሱ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ በጣም ከፍ ካለ ሰው ሳያየው ሊወርድ ይችላል። መሃል ላይ ከሆነ ለሰው ገምጋሚ ይተላለፋል። ዝቅ ካለ ያልፋል።

የማሽኑ ድክመት «ለምን ታየ?» የሚለውን አለማወቁ ነው። ደሙን ያያል፤ ዜና ይሁን መዝናኛ ግን በደንብ አይለይም። ይሄ በደንብ የታየው በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ ነው። ገምጋሚዎች ቢሮ መግባት ስላልቻሉ ዩቲዩብ ከወትሮው በላይ በማሽን ተማመነ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ሦስት ወራት ከ11 ሚሊዮን በላይ ቪዲዮ ወረደ፣ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሦስት ወራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይግባኝ ከተባለባቸው ቪዲዮዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ተመለሱ፤ ከዚያ በፊት የሚመለሰው ሩብ ያህል ነበር።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የፌስቡክን የውስጥ ሰነዶች ያወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን፣ በኢትዮጵያ የፌስቡክ የጥበቃ ሥርዓት የሚሠራው ለሁለት ቋንቋ ብቻ ነው ብላ ነበር። ያ ፌስቡክ ነው፣ ዩቲዩብ ሌላ ድርጅት ነው። ችግሩ ግን ለማንም አንድ ነው፤ በቂ የተማረበት ጽሑፍ የሌለው ማሽን ቅኔውንም ስድቡንም ይስታል። ደም ግን ትርጉም አይፈልግም። በኛ አካባቢ አፍ አውጥቶ የተሳደበ ሰው ሲያልፍ አደጋ የቀረጸ ሰው የሚያዘው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ቀጥሎ፦ ሰውየው ምን ይፈርዳል?

የልጁ ቪዲዮ ገምጋሚ ጋ ደረሰ እንበል። ገምጋሚው ፊት ቪዲዮው፣ ርዕሱ፣ ማብራሪያው፣ ታምኔሉና የሕጉ ዝርዝር አለ። ልጁ ጥሩ ልጅ መሆኑን አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም።

የዩቲዩብ ሕግ የትራፊክ አደጋ አይታይ አይልም። የሚከለክለው ተመልካችን ለማስደንገጥ ወይም ለማሰቅጠጥ ታስቦ የተለጠፈ የአደጋ ምስል ነው። የመንገድ ላይ ጠብም እዚያው ሕግ ውስጥ ነው። ለትምህርት፣ ለዘገባ፣ ለሳይንስ ወይም ለኪነ ጥበብ ከሆነ ግን ቦታ አለው። ዓላማው ደግሞ ከቪዲዮው ከራሱ መታየት አለበት፤ ማብራሪያው ሥር «ለትምህርት ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያድንም። አሁን የልጁን ቪዲዮ ተመልከቱት። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደተፈጠረ የሚናገር ሰው የለም። ፊት አልተሸፈነም። ሙዚቃ አለ። ርዕሱ ራሱ «ዘግናኝ» ይላል፣ ክቡ ደሙ ላይ ነው። እኔም ገምጋሚ ብሆን አወርደው ነበር።

ፊቱን ብዥ አድርጎ፣ ሙዚቃውን አውጥቶ፣ «ዛሬ ጠዋት ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሚኒባስ ተገልብጧል፣ መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ በድምፁ ቢዘግብ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። ቢበዛ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይታይ ይገደባል። ይህ የዕድሜ ገደብ ስትራይክ አይደለም፤ እይታ ይቀንሳል እንጂ ቻናሉ ላይ አይቆጠርም።

ከዚያ፦ ቅጣቱ እንዴት ይጨምራል?

የመጀመሪያው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። ቪዲዮው ይወርዳል፣ ኢሜይል ይመጣል፣ ቅጣት ግን የለም። ስለ ሕጉ አጭር ሥልጠና ውሰዱ የሚል አማራጭ ሊመጣ ይችላል። ውሰዱት! ከወሰዳችሁና በ90 ቀን ውስጥ ያንኑ ሕግ ካልጣሳችሁ ማስጠንቀቂያው ይነሳል። ያንኑ ከደገማችሁ ግን ስትራይክ ነው።

አንደኛ ስትራይክ አንድ ሳምንት ያስቆማል። ቪዲዮ መጫን፣ ላይቭ መግባት፣ ፖስት ማድረግ አይቻልም። የድሮ ቪዲዮዎች ግን ይታያሉ። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ነው። ሦስት ስትራይክ በ90 ቀን ውስጥ ከተሰበሰበ ቻናሉ ይዘጋል። እያንዳንዱ ስትራይክ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ይቆያል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ስትራይኩም ያለቀ ይመስለዋል። እገዳው ያልቃል፣ ስትራይኩ ግን እዚያው ነው።

በእኛ አቆጣጠር ሂሳቡ ይቀላል፣ ጳጉሜ መሃል ካልገባች 90 ቀን ልክ ሦስት ወር ነው። ልጁ መስከረም ላይ በሚኒባሱ ማስጠንቀቂያ አገኘ። ጥቅምት 5 የመንገድ ላይ ጠብ ቪዲዮ ጫነና አንደኛ ስትራይክ መጣ። እስከ ጥቅምት 12 ታገደ። ስትራይኩ የሚነሳው ጥር 5 ነው። ኅዳር 20 ሁለተኛ መጣ፣ እስከ ታኅሣሥ 4 ታገደ፤ እሱ ደግሞ የሚነሳው የካቲት 20 ነው። አሁን ልጁ ታኅሣሥ 28 ላይ ሌላ ጥፋት ቢሠራ ሦስት ሞላ፣ ቻናሉ ሄደ። ያው ጥፋት ጥር 10 ቢሆን ኖሮ ግን አንደኛው ስለተነሳ በእጁ ያለው ሁለት ነው፣ ቻናሉ ይተርፍ ነበር። ሁለት ስትራይክ ካላችሁ የመጀመሪያው የሚነሳበትን ቀን ጻፉና እስከዚያ አጠራጣሪ ነገር አትጫኑ።

ደረጃውን ሁሉ የሚዘሉ ጥፋቶችም አሉ። ከባድ ከሆነ አንድ ቪዲዮ ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ቻናል ያዘጋል። የኮፒራይት ስትራይክ ደግሞ ሌላ መዝገብ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አይደመርም።

ስትራይክ ሲመጣ የማይደረገው

ቪዲዮውን አታጥፉት። ማጥፋት ስትራይኩን አያነሳም፣ ይግባኝ የምትሉበትን ነገር ግን ያሳጣችኋል። ታግዳችሁ ሳለ በወንድማችሁ ወይም በጓደኛችሁ ቻናል መጫንም እገዳ ማምለጥ ተብሎ ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ የምታጡት አንዱን ቻናል ብቻ ላይሆን ይችላል።

ይግባኝ

YouTube Studio ግቡ። Dashboard ላይ Channel violations የሚል ሳጥን ታገኛላችሁ፤ የተጣሰው ሕግ እዚያ ይነበባል። መጀመሪያ እሱን ሕግ ክፈቱና ምሳሌዎቹን ከቪዲዮአችሁ ጋር አስተያዩ። በእርግጥ ከጣሳችሁ ይግባኙን ተዉት፣ ቀኑን ቁጠሩ። አልጣስኩም ካላችሁ Appeal የሚለውን ተጫኑ። ለስትራይክ ያላችሁ ጊዜ 90 ቀን ነው፣ ለአንድ ስትራይክ ደግሞ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያላችሁ፣ ስለዚህ በንዴት አትጻፉ።

«ምንም አላጠፋሁም፣ እባካችሁ መልሱልኝ፣ መተዳደሪያዬ ነው» የሚለው አይረዳም። ገምጋሚው የሚፈልገው ደቂቃና ምክንያት ነው፦ «ከ0:05 ጀምሮ ስለ አደጋው ቦታና ሰዓት እዘግባለሁ፣ በ0:40 የሚታየው ሰው ፊቱ ተሸፍኗል፣ ቪዲዮው የመንገዱን መዘጋት ለማሳወቅ ነው።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ቪዲዮው ይመለሳል ስትራይኩም ይነሳል፣ ወይ በዕድሜ ተገድቦ ይመለሳል ስትራይኩ አሁንም ይነሳል፣ ወይ ውሳኔው ይጸናል። ከጸና 90 ቀኑን መጠበቅ ብቻ ነው። ቻናሉ ጭራሽ የተዘጋ እንደሆነ ደግሞ ይግባኙ በሌላ ቅጽ ነው የሚቀርበው፣ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ።