ስክሪኑን ነክታችሁም ፎቶው ብዥ ካለ

የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል። በቀደም የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ቁጥሩ አይነበብም። ደግሞ ላከ፣ ያው ነው። ስደውልለት «ጋሼ፣ እየነካሁት እኮ ነው፤ አራት ማዕዘኗም ትመጣለች፣ ግን ብዥ ይላል። ካሜራው ሞቷል መሰለኝ» አለኝ። ቅዳሜ ስሄድ አየዋለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሸጠው አልኩት።

ስክሪኑን ስትነኩ ስልኩ የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። ትንሿን ሌንስ ወደፊት ወይም ወደኋላ ገፍቶ በነካችሁት ቦታ ርቀት ላይ ያቆማታል፤ የብርሃኑንም መጠን በዚያው ቦታ ይለካል። በቃ። እጃችሁን አያረጋጋም፣ ሌንስ ላይ ያለውን ቅባት አይጠርግም። ብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ የፊት ካሜራው ሌንስ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ ሰልፊ ላይ ብትነኩ የሚለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የተበላሸውን ፎቶ አስፍታችሁ እዩት። ብዥታው ዓይነት አለው።

ሁሉም ነገር ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ፣ አምፖሎቹም ጮራ ካወጡ፣ ሌንሱ ቆሽሿል ወይ ጤዛ ይዟል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ከውጭ ብርድ ገብታችሁ ቡና የሚፈላበት ቤት ስልኩን ብታወጡ ጤዛው ወዲያው ይይዘዋል። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጉትና ትንሽ ጠብቁ። ጤዛው ከመስታወቱ ውስጥ ከሆነ ግን ውሃ ገብቷል፤ ያ የጠጋኝ ሥራ ነው።

ስታነሱት ጥርት ብሎ ታይቶ የተቀመጠው ፎቶ ላይ ነገሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ፣ መንስኤው እንቅስቃሴ ነው። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሕፃኑ ዞር ካለ አለቀ። እዚህ ላይ መንካቱ ራሱ ሊያባብሰው ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። ጨለማ ቦታ ላይ ከነካችሁ፣ ለምሳሌ ጥቁር ልብስ ላይ፣ ስልኩ «ብርሃን አነሰኝ» ብሎ ጊዜውን ያስረዝማል። ፊት ላይ ንኩ፣ አጠገቧ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደታች ጎትቱ፣ ክንዳችሁን ግድግዳ አስደግፉ። ሰዓት ቆጣሪውን 3 ሰከንድ ላይ ብታደርጉት ደግሞ ቁልፍ ስትጫኑ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ይቀራል።

የፈለጋችሁት ነገር ደብዝዞ ከኋላው ያለው ከጠራ ግን በጣም ቀርባችኋል። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች አይጠራለትም፤ አንዳንዱማ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ራቅ በሉና በ2 እጥፍ ዙም አንሱ። (ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ውስጥ የሚያስቸግራችሁ ግን ሌላ ነው፤ ካሜራው የሚይዘው ጠርዝ ያጣል። ጭጋጉን አትንኩ፣ የዛፉን ወይም የመንገዱን ጠርዝ ንኩ።)

ወደ ልጁ ልመለስ። ሌንሱን ጠረግኩት፣ ለውጥ የለም። መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮት አጠገብ አድርጌ ከ25 ሳንቲ ሜትር አነሳሁ፤ ብዥ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ አነሳሁ፤ ያም ብዥ። በቀን ብርሃን፣ በረጋ እጅ፣ ቅርቡም ሩቁም እምቢ ካለ ሌንሷ መንቀሳቀስ አቅቷታል ማለት ነው። ስነካው ምስሉ ትንሽ ይርገበገብና ያለበት ይቀራል።

ያኔ ነው ከቨሩን ያየሁት። እንደ መጽሐፍ የሚከፈት፣ በማግኔት የሚዘጋ ከቨር ነው። ፎቶ ሊያነሳ ክዳኑን ወደኋላ ሲያጥፈው ማግኔቷ ልክ ካሜራው አጠገብ ታርፋለች። ሌንሷን የሚያንቀሳቅሳት ደግሞ ጥቅል ሽቦና ማግኔት ነው፤ ሌላ ማግኔት ሲጠጋ አቅጣጫዋን ትስታለች። ከቨሩን አውጥቼ ነካሁት፤ ቁጥሩ አንድ በአንድ ተነበበ። መልሼ አደረግኩት፣ ብዥ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ለማረጋገጥ።

ከቨር አውጥታችሁም፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብርታችሁም ካልጠራ፣ ወይ ምስሉ ብቻውን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ካሜራው ራሱ ተጎድቷል፤ የሚቀየር ነው። ከመውደቅ ሌላ ንዝረትም ይጎዳዋል። አፕል በ2021 የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ልጁም ስልኩን ባጃጁ መሪ ላይ ነበር የሚያስረው፤ አሁን ኪሱ ይከተዋል። ከቨሩን ደግሞ የብር መያዣ አድርጎታል።