የቢም ድጋፎች ስንት እንደሚሸከሙ እንዴት ይሰላል?

ጫፎቹ በሁለት ግንቦች ላይ ያረፉ ቢም እንውሰድ፤ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት 6 ሜትር ነው። በላዩ የብሎኬት ግድግዳ ተሠርቷል፤ ከግራው ድጋፍ 1 ሜትር ርቆ ይጀምርና 4ኛው ሜትር ላይ ያበቃል። የግድግዳው ክብደት በሜትር 8 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። 5ኛው ሜትር ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቢም 18 ኪሎ ኒውተን ያሳርፍበታል። የቢሙን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንተወው።

መጀመሪያ ቢሙን ሣሉና ርቀቶቹን ሁሉ ከግራው ድጋፍ ጀምራችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ግድግዳውን ወደ አንድ ኃይል ቀይሩት። 3 ሜትር ስለሚረዝም ጠቅላላ ክብደቱ 8 × 3 = 24 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህ ኃይል የሚያርፈው በግድግዳው መሐል እንጂ በቢሙ መሐል አይደለም፤ ከግራው ድጋፍ ያለው ርቀት 1 + 1.5 = 2.5 ሜትር ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የመጀመሪያዋን 1 ሜትር ረስቶ 1.5 ይጽፋል።

አሁን በግራው ድጋፍ ዙሪያ ሞመንት ውሰዱ። የግራው ድጋፍ ኃይል ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ ከስሌቱ ይወጣል፤ የማይታወቀው የቀኙ ብቻ ይቀራል።

```
ቀኝ × 6 = 24 × 2.5 + 18 × 5 = 150
ቀኝ = 25 ኪሎ ኒውተን
ግራ = 24 + 18 − 25 = 17 ኪሎ ኒውተን
```

ብዙዎች ሁለቱን ደምረው 42 ሲመጣላቸው ትክክል ነው ብለው ያልፋሉ። ግራውን ያገኘነው ግን ከ42 ቀንሰን ስለሆነ ድምሩ ሁልጊዜም 42 ነው። 1.5 ብሎ የተሳሳተው ሰው ቀኝ 21፣ ግራ 21 ያገኛል፤ የሱም ድምር 42 ነው! ስሕተቱን የሚያጋልጠው በቀኙ ድጋፍ ዙሪያ እንደገና ሞመንት መውሰድ ነው፤ ርቀቶቹንም ከቀኝ በኩል እንደ አዲስ ከሥዕሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

```
ግራ × 6 = 24 × 3.5 + 18 × 1 = 102
ግራ = 17 ኪሎ ኒውተን
```

ከፊተኛው መልስ ጋር ገጠመ።

የቢሙ የራሱ ክብደት ሲታከል፣ ቢሙ ወጥ ውፍረት ካለው፣ ግማሹ ለየድጋፉ ይደመራል።

ግድግዳውን በአንድ ኃይል መተካት የሚሠራው የድጋፎቹን ኃይል ለማግኘት ብቻ ነው። ቢሙ ውስጥ ያለውን የመጉበጥ ሞመንት ስትፈልጉ ግድግዳው ወደ ተሰራጨ ጭነትነቱ መመለስ አለበት። አለዚያ 2.5 ሜትር ላይ 17 × 2.5 = 42.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ታገኛላችሁ፤ ትክክለኛው ከፍተኛ ሞመንት ግን 3.125 ሜትር ላይ ሲሆን 35 ገደማ ነው።

ቢሙ ከኮለኖቹ ጋር አብሮ የተሞላ ኮንክሪት ከሆነም ይህ ስሌት አይበቃም። ጫፎቹ እንደ ልብ ስለማይዞሩ ድጋፎቹ ራሳቸው ሞመንት ይይዛሉ፤ ሁለቱ የሚዛን እኩልታዎች ብቻቸውን መልስ አይሰጡም።