የስልክ ጌም በጣት ይሻላል ወይስ በጆይስቲክ? ጆይስቲክን ከስልክ ጋር የማገናኘት አሠራር

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ይኖራሉ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲያይል ከቤት ስለማይወጣ በስልኩ ኳስ ጌም ይጫወታል። ባለፈው ቅዳሜ ለቡና ስሄድ ያገለገለ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። ጌም ቤት ያለው ጓደኛው ነው የሰጠው። «አጎቴ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞከርኩ፤ ስልኬ ጭራሽ አያየውም» አለኝ። ጆይስቲኩም ስልኩም ደህና ነበሩ። ችግሩ አንድ ቁልፍ ብቻ መጫኑ ነበር፤ መጫን የነበረበት ሁለት ቁልፍ ነው።

አገናኘሁለትና ሲጫወት አየሁት። ያን ቀን ያደረግነውን በሙሉ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጆይስቲክ የሚጠቅማችሁ መሆን አለመሆኑን እንይ።

ባንድ ጊዜ ስንት ነገር ትጫናላችሁ?

እኔ የምመርጠው በዚህ ጥያቄ ነው። ኳስ ጌም ውስጥ ግራ አውራ ጣት ተጫዋቹን ይመራል። ቀኝ አውራ ጣት ያቀብላል፣ ይመታል። ተከላካይ አልፋችሁ ለመሮጥ ደግሞ የ«አር» ቁልፍን ተጭናችሁ መቆየት አለባችሁ። እየሮጣችሁ ኳስ ልትሰነጥቁ ስትፈልጉ እንግዲህ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ነው፦ አቅጣጫ፣ «አር» እና ትሪያንግል። በስክሪን ላይ «አር» ከላይ ቀኝ ጥግ ላይ ስለሆነ ሌባ ጣታችሁን አጥፋችሁ ከላይ ማምጣት ይኖርባችኋል። ያን ጊዜ እጃችሁ ሜዳውን ይሸፍናል፣ ስልኩም ይንቀጠቀጣል። በጆይስቲክ ግን ሌባ ጣት ድሮውንም «አር» ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላው ልዩነት ጣታችሁ ጠርዝ የሚያገኝ መሆኑ ነው። ስክሪን ለስላሳ ስለሆነ አውራ ጣት ሳታውቁት ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ማቀበል ስትፈልጉ ትመታላችሁ። እጅ ሲያልበው ወይም ከዝናብ ገብታችሁ ጣታችሁ እርጥብ ሲሆን ይብሳል፤ ስክሪኑ ውሃውንም እንደ ጣት ይቆጥረዋል።

ተኩስ ያለባቸው ጌሞች ግን ተቃራኒ ናቸው። በስክሪን ስታነጣጥሩ ጣታችሁ የሄደበትን ያህል ነው መሣሪያው የሚዞረው። የጆይስቲክ ዱላ እንደዚያ አይሠራም፤ እሱ የሚወስነው ርቀቱን ሳይሆን የመዞሩን ፍጥነት ነው። ስለዚህ ጠላቱን አልፋችሁ ትሄዱና እንደገና ትመለሳላችሁ። ብዙ የኮንሶል ጌሞች ይህን ለማካካስ ማነጣጠሩን ራሳቸው ያግዛሉ። ስልክ ላይ በጣት የለመደ ሰው በዚህ ዓይነት ጌም ጆይስቲክ ከያዘው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዳማ፣ ሉዶ፣ ካርታና የመሳሰሉት ደግሞ ጆይስቲክ ጨርሶ አያሻቸውም።

ጌሙ ይቀበላል ወይ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጆይስቲክ ከስልክ ጋር መገናኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ጌሙ መቀበሉ ሌላ። ስልኩ ጆይስቲኩን አውቆት ጌሙ ውስጥ ምንም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የጌሙን ሴቲንግ ክፈቱና `Controller` የሚል ክፍል ፈልጉ። ከሌለ በጣት መጫወቱ ይሻላል።

ፐብጂ ሞባይል ጆይስቲክ አይቀበልም። የጆይስቲክን ቁልፍ ወደ ጣት ንክኪ የሚቀይሩ አፖች አሉ፤ ግን እነሱን መጠቀም እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ አካውንት ሊያዘጋ ስለሚችል አልመክርም። ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል የፕሌይስቴሽን 4ንና የኤክስቦክስን ጆይስቲክ ይቀበላል፤ ሆኖም የሚሠራው ጨዋታው ውስጥ ስትገቡ ነው፣ ሜኑውን በጣታችሁ ነው የምትነኩት። የእህቴ ልጅ ኳስ የሚጫወተው `PPSSPP` በሚባለው፣ የድሮውን የፒኤስፒ ጌም በስልክ በሚያጫውተው አፕ ነው። እሱ ጆይስቲክን በደንብ ይቀበላል፣ ቁልፎቹንም እንደ ፍላጎት መቀየር ይቻላል። ለኔ ጆይስቲክ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው።

ከማገናኘታችሁ በፊት

የስልኩን ሴቲንግ ከፍታችሁ `About phone` ውስጥ የአንድሮይዱን ቁጥር እዩ። ለፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ቢገናኝም ቁልፎቹ ሊዘበራረቁ ይችላሉ። የፕሌይስቴሽን 5ቱ ከሆነ አንድሮይድ 12 ይፈልጋል። አይፎን ለያዘ ሰው የፕሌይስቴሽን 4ቱ ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ ይሠራል።

ያገለገለ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ የምትገዙ ከሆነ መሃል ላይ ያለውን የኤክስ ምልክት ቁልፍ ዙሪያ ተመልከቱ። ዙሪያው ከፊት ለፊቱ ፕላስቲክ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው። ከላይ ከትከሻ ቁልፎቹ ጋር የተያያዘ የተለየ ቁራጭ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹ የኤክስቦክስ ዋን ሞዴሎች ናቸውና ብሉቱዝ የላቸውም። እነሱ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ አይገናኙም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ነው።

ጆይስቲኩን ቻርጅ አድርጉት። የፕሌይስቴሽን 4ቱ የሚቀበለው የድሮውን ጠባብ የማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ነው። ጠፍቶ ቻርጅ ሲያደርግ ብርቱካናማ መብራት ቀስ እያለ ይበራል ይጠፋል፤ ሲሞላ መብራቱ ይጠፋል።

ማገናኘት

1. ስልኩ ላይ ብሉቱዝን ክፈቱና `Pair new device` የሚለው ላይ ግቡ። ስልኩ እየፈለገ ይቆይ።

2. ጆይስቲኩ ላይ መጀመሪያ ሼር የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። እሱን ሳትለቁ መሃል ላይ ያለውን የፒኤስ ክብ ቁልፍ ጨምራችሁ ሁለቱንም ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ያህል ያዙ።

3. መብራቱን ተመልከቱ። ሁለት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ ካለ ለመገናኘት ዝግጁ ነው፤ ልቀቁት። ቀስ ብሎ ብልጭ እያለ ቆይቶ ከጠፋ ግን የድሮ ፕሌይስቴሽኑን እየፈለገ ነበር ማለት ነው። ሼርን ሳትይዙ ፒኤስን ብቻ ስትጫኑ የሚሆነው ይህ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ሰዓት ያጠፋውም እዚሁ ነው።

4. ስልኩ ላይ `Wireless Controller` የሚል ስም ይመጣል። ንኩትና `Pair` በሉ። መብራቱ ብልጭታውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይበራል።

አሁን ጌም ሳትከፍቱ ወደ ስልኩ ዋና ገጽ ተመለሱና የጆይስቲኩን የአቅጣጫ ቁልፎች ተጫኑ። አይከኖቹ ላይ ምልክት እየተንቀሳቀሰ ከሄደ ስልኩ ጆይስቲኩን አውቆታል። ይህ ፈተና ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ እዚህ እየሠራ ጌሙ ውስጥ ካልሠራ ችግሩ የጌሙ እንጂ የብሉቱዙ አይደለም። ደጋግማችሁ ማገናኘት ምንም አይጨምርላችሁም።

ስሙ ጭራሽ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ አልገናኝ ካለ፣ ጆይስቲኩን ገልብጡት። በ«ኤል 2» በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ ሪሴት ማድረጊያ አለ። በመርፌ ወይም በቀጭን ሽቦ 5 ሴኮንድ ያህል ጫኑና ከእርምጃ 2 ጀምሩ። ስልኩ ላይ የድሮ ስሙ ተመዝግቦ ከቀረ ደግሞ መጀመሪያ `Forget` በሉት።

ከጌም ቤት ለተዋሳችሁት አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ጆይስቲክ የሚያስታውሰው አንድ ባለቤት ብቻ ነው። ከስልካችሁ ጋር ሲገናኝ የጌም ቤቱን ፕሌይስቴሽን ይረሳል። ስትመልሱት በዩኤስቢ ገመድ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ሰክተው የፒኤስ ቁልፉን እንዲጫኑ ንገሯቸው፤ ወዲያው ይታረቃል። ካልነገራችኋቸው ግን አበላሻችሁብን ይሏችኋል።

`PPSSPP` ውስጥ ማስተካከል

አፑን ክፈቱና `Settings`፣ ከዚያ `Controls` ግቡ። `Control mapping` ላይ እያንዳንዱ የፒኤስፒ ቁልፍ በየትኛው የጆይስቲክ ቁልፍ እንደሚታዘዝ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ልክ ይሆናል። ስታቀብሉ የሚመታ ከሆነ ግን ትክክል ያልሆነውን ቁልፍ እዚያ ነክታችሁ የምትፈልጉትን የጆይስቲክ ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ `On-screen touch controls` የሚለውን አጥፉት፤ ስክሪኑ ላይ የተሳሉት ቁልፎች ሄደው ሜዳው በሙሉ ይታያችኋል። ፒኤስፒ አንድ ዱላና ሁለት የትከሻ ቁልፍ ብቻ ስለነበረው የጆይስቲኩ ቀኝ ዱላና «አር 2» ምንም ባይሠሩ ተበላሸ አትበሉ።

ያገለገለ ጆይስቲክ ላይ ተጫዋቹ ሳትነኩት በራሱ ወደ አንድ በኩል ሲሄድ ታያላችሁ። የግራው ዱላ ውስጡ ስለተበላ ነው። በእህቴ ልጅ ጆይስቲክ ላይ ተጫዋቹ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። `Controls` ውስጥ የአናሎግ ዱላውን ማስተካከያ ከፍተን `Deadzone radius` የሚለውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረግነው፤ ተጫዋቹ ቆመ። ይህ ቁጥር ዱላው ምን ያህል እስኪገፋ ድረስ ችላ ይባል የሚለውን ይወስናል። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ግን ዱላውን በቀስታ ስትገፉት አይሰማም። መሄዱ ብዙ ከሆነ መቀየር ያለበት ዱላው ራሱ ነው።

ቁልፍ ተጭናችሁ ተጫዋቹ ዘግይቶ የሚታዘዝ ከሆነ መጀመሪያ የብሉቱዝ ኢርፎናችሁን አጥፉ። ኢርፎኑና ጆይስቲኩ በአንድ የስልክ ብሉቱዝ ነው የሚሄዱት፤ ድምፅ ደግሞ ብዙውን ቦታ ይወስዳል። ባለ ገመድ ኢርፎን ካላችሁ እሱን ሰኩ። `PPSSPP` ያለ ኢንተርኔት ስለሚጫወት ዋይፋዩንም መዝጋት ትችላላችሁ፤ ብዙ የቤት ዋይፋይ ከብሉቱዝ ጋር በአንድ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ነው የሚሠራው።

ስትጨርሱ የፒኤስ ቁልፉን 10 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ መብራቱ እስኪጠፋ ያዙ። የስልኩ ስክሪን ቢዘጋም ጆይስቲኩ እንደበራ ሊያድር ይችላል፤ ሙሉ ባትሪውም ቢሆን የጥቂት ሰዓታት ነው። የእህቴ ልጅ ያን ማታ ሳያጠፋው ተኛ። እሑድ ጠዋት ጓደኛውን ጠርቶ ሲነሳ ጆይስቲኩ ሞቷል፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር።